የሚያሳክከው እከክና የማያሳክከው እከክ፦ አንድ ግቢ፣ ሁለት ውሾች፣ ሁለት በሽታ

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ግቢ ውስጥ ሁለት ውሾች አሉኝ። ትልቁ የሀበሻ ውሻ ነው። ሌት ተቀን ሲታከክ ነው የሚያድረው፣ የጆሮው ጫፍ ተልጧል። አሁን ደግሞ የ7 ወሯ ቡችላ፣ የጀርመን ሸፐርድ ክልስ ናት፣ ዓይኗ ዙሪያና የፊት እግሯ ላይ ፀጉሯ እየረገፈ ነው። እሷ ግን ብዙም አትታከክም። ከሱ ተጋብቶባት ነው ብዬ ሁለቱንም ለከብት የሚሰጠውን አይቨርሜክቲን አንድ አንድ ጊዜ አስወጋኋቸው። እሱ ትንሽ ተሻለው፣ እሷ ምንም ለውጥ የላትም። የ5 ዓመት ልጄም ክንዱና ሆዱ ላይ ሽፍታ ወጥቶበታል። ጎረቤቴ የተቃጠለ ዘይት ቀባቸው ይለኛል። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ የተቃጠለ ዘይት አይቀቡ። ናፍጣም፣ ቤንዚንም አይቀቡ። የቆሰለ ቆዳ ላይ የሞተር ዘይት ሲደፋ ቆዳውን ያቃጥላል። ከዚያ ውሻው ይልሰዋል፤ ዘይቱ ውስጥ ያለው መርዝ ሆዱ ይገባል። ዘይት ነክቷቸው ከሆነ በለብ ያለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ደጋግመው ያጥቧቸው።

ከገለጹልኝ ምልክት ስነሳ ሁለቱ ውሾች የያዛቸው አንድ በሽታ አይመስለኝም። በአማርኛ ሁለቱንም «እከክ» ስለምንላቸው ነው የሚምታቱት። ሁለቱም በዓይን በማይታይ ጥቃቅን ተባይ ይመጣሉ። አንደኛው ሳርኮፕተስ ይባላል፣ ሌላው ዴሞዴክስ። ሳርኮፕተስ ከውጭ የሚመጣ ወራሪ ነው። ዴሞዴክስ ደግሞ ድሮም ውሻው ቆዳ ውስጥ ይኖር የነበረ፣ አሁን ግን ከልክ በላይ የተራባ ነው። ሕክምናቸው የሚለያየው ከዚህ ተነስቶ ነው።

ከትልቁ ልጀምር። የሳርኮፕተስ ሴቷ የላይኛውን ቆዳ እየቆፈረች ትገባና በዚያው ዋሻ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላል ተነስቶ ሌላ እንቁላል ጣይ እስኪሆን ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ ውሻው ላይ ያሉት ተባዮች ጥቂት ናቸው። ማሳከኩ እንዲህ የሚከፋው ሰውነቱ ለተባዩና ለኩሱ አለርጂ ስለሚሆን ነው። ስለዚህ ውሻው እንቅልፍ ያጣል፣ ይከሳል፣ ሲበላ እንኳን አቋርጦ ይታከካል። የሚጀምረው ፀጉር ከሳሳበት ቦታ ነው፦ ከጆሮ ጫፍ፣ ከክርን፣ ከኋላ እግር ቁርጭምጭሚት፣ ከደረትና ከሆድ ሥር። ጀርባው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው።

ቤት ሆነው ሊሞክሩት የሚችሉት አንድ ነገር አለ። የጆሮውን ጫፍ በአውራ ጣትዎና በሌባ ጣትዎ መሃል ይያዙና ጫፉን ከራሱ ከጆሮው ጋር ቀስ ብለው ለአምስት ሰከንድ ያህል ይሹት። ከጣትዎ ሥር እንደ አሸዋ የሚሻክር ቅርፊት ይሰማዎታል። በዚያው ቅጽበት በዚያ በኩል ያለው የኋላ እግሩ አየር ላይ መቧጠጥ ከጀመረ፣ ሳርኮፕተስ የመሆን ዕድሉ በጣም ከፍ ይላል። እኛም ክሊኒክ ውስጥ ከማይክሮስኮፑ በፊት ይህን እናያለን። እጅዎን በሳሙና መታጠብ አይርሱ።

የልጅዎ ሽፍታም ወደዚያው ነው የሚጠቁመው። የውሻ ሳርኮፕተስ ወደ ሰው ይሻገራል። ውሻውን ባቀፉበት ቦታ፣ ክንድ፣ ሆድና ጭን ላይ፣ የሚያሳክኩ ትንንሽ ቀያይ እብጠቶች ያወጣል። ነገር ግን የውሻው ተባይ ሰው ላይ ተራብቶ ዘሩን መቀጠል አይችልም። ውሻው በደንብ ከታከመ የሰው ሽፍታ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ እየጠፋ ይሄዳል። ማታ ማታ የሚብስ፣ ጣት መሃል የሚወጣ፣ ወይም ቤተሰቡን በየተራ የሚይዝ ከሆነ ግን የሰው እከክ ሊሆን ይችላልና ልጁን ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ለውሻው የተገዛውን መድኃኒት ልጁ ላይ እንዳይቀቡ።

አሁን ወደ ቡችላዋ። ዴሞዴክስ ረዥም ነው፣ ቅርጹ ሲጋራ ይመስላል፣ የሚኖረውም ፀጉሩ ከሚበቅልበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ቡችላ ከተወለደች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ስትጠባ ከእናቷ ትወስደዋለች። ጤነኛ ውሻም በጥቂቱ ይኖርበታል፣ ምንም አያደርገውም። የሰውነት መከላከያው ቁጥሩን ይዞለት ይኖራል። አንዳንድ ቡችሎች ግን ይህን ተባይ ለይቶ የመቆጣጠር ድክመት በዘር ይወርሳሉ። ያኔ ተባዩ ጉድጓዱን ሞልቶ ፀጉሩን ያረግፈዋል። ዓይን ዙሪያ መነጽር ያደረገች የምታስመስል ራቁት ቀለበት፣ ከንፈር ጥግና የፊት እግር ላይ ክብ ክብ መላጣ፣ ማሳከክ ግን የለም ወይም ትንሽ ነው። የጻፉልኝ ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ዴሞዴክሱ ከትልቁ ውሻ አልተጋባባትም። ከሷም ወደ እሱ ወይም ወደ ልጅዎ አይሄድም። ሳርኮፕተሱ ግን ሊጋባባት ይችላል፣ አብረው ነው የሚተኙት። ገና አልታከከችም ማለት አልያዛትም ማለት አይደለም። መጀመሪያ ለተያዘ ውሻ አለርጂው እስኪነሳ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

ይህን ሁሉ በግምት መተው አይቻልም፣ ቆዳቸው ተፍቆ መታየት አለበት። አፋፋቁም ለየቅል ነው። ለሳርኮፕተስ ዘይት የነካ ምላጭ ይዘን ሰፋ ያለ ቦታ፣ በተለይ የጆሮ ጫፍና ክርን፣ ከላይ ከላይ እንፍቃለን። ለዴሞዴክስ ደግሞ ጠበብ ያለ ቦታ ቆዳውን በጣት ጨመቅ አድርገን፣ ትንሽ ደም ብቅ እስኪል ጠለቅ አድርገን እንፍቃለን። ተባዩ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ከላይ ብቻ መፋቅ አያወጣውም። ውጤቱም እኩል አይነበብም። ሳርኮፕተስ ከታመሙት ከግማሽ በሚበልጡት ላይ በፍቅፋቂው ላይታይ ይችላል። አንዲት እንቁላል ብቻ ከተገኘች ግን አበቃ፣ በሽታው እሱ ነው። «ምንም አልተገኘም» ከተባለና ምልክቱ ካለ መታከም አለበት፤ ለሕክምናው የሚሰጠው ምላሽ ራሱ ምርመራ ነው። ዴሞዴክስ ግን በደንብ ከተፋቀ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። ስለዚህ በሚገባ በተፋቀ ቆዳ ላይ ምንም ካልታየ ሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ ጭርት፣ መፈለግ ይጀመራል።

አንድ አደራ አለኝ። ሳይፋቅ በፊት ማሳከክ ለማስቆም ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን እንዳያስወጓቸው። ብዙ ቦታ «የአለርጂ መርፌ» ተብሎ የሚሰጠው እሱ ነው። ሳርኮፕተስ ያለበት ውሻ ለጥቂት ቀን ይረጋጋል፣ ተባዩ ግን መራባቱን ይቀጥላል። ዴሞዴክስ ላለባት ቡችላ ደግሞ ተባዩን ይዞላት የነበረውን መከላከያ ያዳክመዋል። ዓይኗ ዙሪያ ብቻ የነበረው በሳምንታት ውስጥ መላ ሰውነቷን ሊሸፍን ይችላል። እንዲህ ሆነው የመጡልኝ ቡችሎች ብዙ ናቸው፤ መከላከል የሚቻል ስለነበር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

የትልቁ ሕክምና አጭር ነው፣ ግን መቋረጥ የለበትም። እርስዎ የሰጡት አይቨርሜክቲን ሳርኮፕተስን ይገድላል። ትንሽ የተሻለውም ለዚህ ነው። ችግሩ አንድ ጊዜ ብቻ መሰጠቱ ነው። መድኃኒቱ እንቁላሉን አይገድልም። የተረፈው እንቁላል ተፈልፍሎ እንደገና ሳይራባ ሁለተኛው መርፌ ሊደርስበት ይገባል። የተለመደው በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነው፤ እኔ ሦስት አደርገዋለሁ። በዚያው ጊዜ ግቢ ውስጥ ያለ ውሻ ሁሉ ይታከማል፣ ይታከክም አይታከክም። ተባዩ ከውሻው ወርዶ ለጥቂት ቀናት፣ ቀዝቃዛና እርጥብ ቦታ ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ ሊቆይ ስለሚችል መኝታውን በፈላ ውሃ ያጥቡ። ጆንያ ከሆነ ያቃጥሉትና በሌላ ይተኩ። ማሳከኩ ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቀጥል መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም፤ አለርጂው ቀስ ብሎ ነው የሚበርደው።

መጠኑ ላይ ግን ልቆም ነው፣ ውሻ የሚሞተው እዚህ ላይ ነውና። የከብቱ መርፌ 1 በመቶ ነው፣ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም አለው። ለከብት 1 ሚሊ ለ50 ኪሎ ነው የሚሰጠው። ለሳርኮፕተስ ለውሻ የምንጀምረው በዚሁ ሂሳብ ነው፦ 25 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 0.5 ሚሊ። ግማሽ ሚሊ ማለት ነው። 5 ሚሊ ብሎ ያነበበ ሰው አሥር እጥፍ ሰጠ። በግምት «ትንሽ ጨምርለት» የሚባል ነገር የለም። ውሻውን ይመዝኑት፦ አቅፈውት ሚዛን ላይ ይውጡ፣ ከዚያ ብቻዎን ይመዘኑና ይቀንሱ። በትንሽ ስሪንጅ ይለካ። ጠርሙሱ ላይ ለውሻ ተብሎ ስላልተጻፈ በሐኪም እጅ መሰጠት አለበት።

ሌላም አለ። አንዳንድ ዝርያዎች መድኃኒቱ ወደ አንጎል እንዳይገባ የሚከላከለው በር በዘር የተበላሸባቸው ናቸው። ኮሊዎችና የአውስትራሊያ ሸፐርድ በዚህ ይታወቃሉ፣ የጀርመን ሸፐርድም አንዳንዱ አለበት። የርስዎ ቡችላ ክልስ ናት። እነዚህ ውሾች ለከብት የሚሰጠው መጠን ራሱ ሊመርዛቸው ይችላል። አንድ ጊዜ ተወግታ ምንም አለመሆኗ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ለዴሞዴክስ የሚያስፈልገው ከዚያ እጅግ የሚበልጥና በየቀኑ የሚሰጥ መጠን ስለሆነ ዋስትና አይሆናትም። ከመርፌ በኋላ የዓይን ብሌን ከሰፋ፣ ለሀጭ ከበዛ፣ ከተንገዳገደች ወይም እንደ ታወረች ግድግዳ ከገጨች ሳይነጋ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ማርከሻ የለውም። ሐኪሙ የሚችለው እስኪወጣላት ድረስ በጉሉኮስና በክትትል ማቆየት ነው፤ ቶሎ የደረሱት ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ።

ቡችላዋን በአንድ መርፌ ያላዳናት ለምን እንደሆነ አሁን ይገባዎታል። ዴሞዴክስ ጉድጓድ ውስጥ ተሰግስጓል፣ ቁጥሩም ብዙ ነው፣ አንድ ጊዜ የተሰጠ መርፌ አይጨርሰውም። ግን መጀመሪያ ሌላ ጥያቄ አለ፦ መታከም ያስፈልጋታል ወይ? ፀጉሯ የረገፈው ሦስት አራት ትንንሽ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ከእንዲህ ያሉት ቡችሎች አሥሩ ላይ ዘጠኙ ያህሉ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ በራሳቸው ይድናሉ። መከላከያቸው ይጎለብትና ተባዩን ይቆጣጠረዋል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልጋት ጥሩ ምግብ፣ የሆድ ትል መድኃኒትና ክትትል ነው። ቦታው ከአምስት ካለፈ፣ አንድ ሙሉ የሰውነት ክፍል ከያዘ፣ ወይም መዳፏ አብጦ ጣቶቿ መሃል መግል ካለ ግን ተስፋፍቷል፣ መጠበቅ አይገባም። መግል ያለበት ቆዳ ባክቴሪያም ገብቶበታል፤ አንቲባዮቲክና መድኃኒትነት ያለው ሻምፑ ይጨመርበታል።

ለተስፋፋው ዛሬ ምርጫዬ የሚዋጠው የቁንጫና የመዥገር ክኒን ነው። ኔክስጋርድ፣ ሲምፓሪካ፣ ብራቬክቶ በሚል ስም ይታወቃሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በየወሩ፣ ብራቬክቶ በየሦስት ወሩ ይሰጣል። በዋናነት ለቁንጫና ለመዥገር ቢሠሩም ሁለቱንም የእከክ ተባይ አጥብቀው ይገድላሉ፣ የሸፐርድን ችግርም አያመጡም። ለርስዎ ግቢ የሚስማሙትም ለዚህ ነው፦ ለሁለቱ ውሾች አንድ ዓይነት መድኃኒት ይበቃል። ዋጋቸው ከባድ ነው፣ እዚህ ሁልጊዜም አይገኙም፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ እንዲያመጣላቸው የሚጠይቁ ደንበኞች አሉኝ። የሚመጣው በውሻዋ ኪሎ የተመረጠ ይሁን፣ ትልቁን ገዝቶ መቁረጥ አይሁን። የሚጥል በሽታ ላለበት ውሻ አልሰጣቸውም።

ክኒኑ ካልተገኘ ያለን አሚትራዝ ነው፣ ለከብት መዥገር የሚረጨው። ይሠራል፣ ግን አድካሚ ነው። 12.5 በመቶ የሚለው ጠርሙስ ከሆነ 2 ሚሊውን በ1 ሊትር ውሃ ይበጠብጡና በስፖንጅ መላ ሰውነቷን ያረጥቧታል። ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ሌላ ከሆነ ይህ ሂሳብ አይሠራም። ፀጉሯ አስቀድሞ ይላጭ፣ በሻምፑ ትታጠብ፣ ትድረቅ። መድኃኒቱ አይለቀለቅም፣ ላይዋ ላይ ይደርቃል። በየሁለት ሳምንቱ ይደገማል። ጓንት ያድርጉ፣ ደጅ አየር ላይ ይሥሩ። ስኳር ያለበት ሰው አይንካው። የተረፈውን ለሚቀጥለው ብለው አያስቀምጡ፣ የቆየ ብጥብጥ ይበላሻል። በዚያ ቀን ብትደነዝዝ ይጠበቃል፤ ሰውነቷ ከቀዘቀዘና መነሳት ካቃታት ግን ተመርዛለችና ማርከሻው ሐኪም ዘንድ አለ።

የትኛውም መድኃኒት ይመረጥ፣ ሰው የሚሳሳተው ማቆሚያው ላይ ነው። አንድ የ11 ወር ጀርመን ሸፐርድ ነበር፣ 30 ኪሎ። ፊቱና አራቱም እግሩ ተልጦ መጣ። አምስት ቦታ ፈቅን፤ ከእያንዳንዱ ስላይድ ላይ ሕያዋን ተባዮችና እንቁላል ይታይ ነበር፣ እግራቸውን ሲያንቀሳቅሱ ለባለቤቱም አሳየሁት። ወርሃዊውን ክኒንና ለመግሉ አንቲባዮቲክ ጀመርን። በወሩ ፊቱ ፀጉር አወጣ፣ ስንፍቀው አብዛኛው ተባይ ሞቷል፣ ከመዳፉ ግን እንቁላል አሁንም አለ። ባለቤቱ «ድኗል እኮ» ብሎ ጠፋ። በሦስተኛው ወር ውሻው እያነከሰ ተመለሰ፣ ጣቶቹ መሃል መግል ይዟል። ከዜሮ ጀመርን። በየወሩ እነዚያኑ አምስት ቦታዎች ፈቅን። ሦስተኛው ወር ላይ ምንም አልተገኘም፣ አራተኛው ላይም ምንም። ከዚያ በኋላ እንኳን አንድ ወር ጨምረን ነው ያቆምነው። ፀጉር መብቀሉ ማቆሚያ አይደለም። ማቆሚያው በአንድ ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ተፍቆ እንቁላልም፣ የሞተም፣ ሕይወት ያለውም ተባይ ሲጠፋ ነው። መዳፍ ከሁሉም መጨረሻ ነው የሚጠራው።

ለርስዎ የምመክረው ይህን ነው። በዚህ ሳምንት ሁለቱንም ይዘው ሄደው ያስፍቋቸው። ትልቁን ፍቅፋቂው ላይ ተገኘም አልተገኘም ለሳርኮፕተስ ያሳክሙት፣ ቡችላዋንም አብራ። ክኒኑን ማግኘት ከቻሉ ለሁለቱም ክኒኑ ይሁን፤ ካልቻሉ ለትልቁ መርፌው ይቀጥል፣ የመጀመሪያው ከተሰጠ ሁለት ሳምንት ካለፈ ሁለተኛው ዛሬ ነገ ሳይባል። ለቡችላዋ ግን የአይቨርሜክቲኑን መርፌ አይድገሙ። ክኒን ካልተገኘላት አሚትራዙ ሳርኮፕተስንም ስለሚገድል በሐኪም እጅ በሱ ትታከም። ዴሞዴክሷ ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ለዚያ ተጨማሪ ነገር አያድርጉ፣ ዛሬ በስልክዎ ፎቶ ያንሷትና በየሁለት ሳምንቱ ያወዳድሩ። ከተስፋፋ በየወሩ ለመፋቅ ይዘጋጁ፣ ከዳነችም በኋላ አንድ ዓመት ይከታተሏት። ተስፋፍቶባት ከነበረ አታስወልዷት፤ ድክመቱ በዘር ይተላለፋል፣ ደግሞም በምትደራበትና በምትወልድበት ጊዜ በሽታው ሊመለስባት ይችላል። ማምከኑ ይሻላል።

ወደ ክሊኒክ ከመሄድዎ በፊት ባሉት ቀናት አያጥቧቸው፣ ምንም ቅባት አይቀቧቸው፣ ለመፋቅ ያስቸግራል። የተወጉበትን መድኃኒት ጠርሙስ ወይም ፎቶውን ይያዙ፣ ስንት ሚሊ እንደተሰጠና በየትኛው ቀን እንደነበረም ጽፈው ይሂዱ።